ባትሪ ገና በመጀመሪያው ዓመት አቅሙን ለምን ያጣል? በግራፋይት ላይ ስለሚያድገው ሽፋን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ የሊቲየም አዮን ባትሪ በመጀመሪያዎቹ ወራት አቅሙ ቶሎ ሲቀንስ፣ ተጠያቂው ማን ነው?

ሴሉ በአግባቡ የተሠራ ከሆነ፣ በመጠነኛ ሙቀት ከተያዘና ካለ ልክ በፍጥነት ካልተሞላ፣ ዋናው ተጠያቂ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። በባትሪው አሉታዊ ጫፍ፣ በአኖዱ፣ ባሉት የግራፋይት ቅንጣቶች ላይ የሚበቅል በጣም ስስ ሽፋን ነው። በሙያው ጠጣር የኤሌክትሮላይት ድንበር ሽፋን ይባላል፤ በምህጻረ ቃል ኤስኢአይ ይሉታል። ስያሜውን በ1979 ያስተዋወቀው ኤማኑኤል ፔለድ ነው። ከዚህ በታች በአጭሩ «ሽፋኑ» እንለዋለን።

የሽፋኑ መነሻ ቀላል ነው። ግራፋይት በሊቲየም ሲሞላ ቮልቴጁ ከሊቲየም ብረት ጋር ሲነጻጸር ወደ 0.1 ቮልት ይወርዳል። አዮኖች በሚመላለሱበት ፈሳሽ፣ በኤሌክትሮላይቱ፣ ውስጥ ያለው ዋና ሟሚ ኤቲሊን ካርቦኔት ግን ከ0.8 ቮልት ገደማ በታች ኤሌክትሮን እየተቀበለ ይፈርሳል። ስለዚህ የተሞላ ግራፋይትና ኤሌክትሮላይት ጎን ለጎን በሰላም ሊኖሩ አይችሉም። ሲገናኙ ኤሌክትሮላይቱ ይፈርሳል፣ ፍርስራሹም ከሊቲየም ጋር ተዋህዶ በግራፋይቱ ገጽ ላይ ይለጠፋል። ሊቲየም ካርቦኔት፣ ሊቲየም ፍሎራይድና ካርቦን ያዘሉ የሊቲየም ጨዎች በዚህ መንገድ ተደባልቀው ሽፋኑን ይሠራሉ። ሽፋኑ የሊቲየም አዮንን ያሳልፋል፤ ኤሌክትሮንን ግን ያግዳል። ኤሌክትሮን ካልደረሰው ደግሞ ኤሌክትሮላይቱ መፍረሱን ያቆማል፣ ወይም ለማቆም ይቃረባል። ጉዳዩ ሁሉ ያለው በዚህች «ይቃረባል» ውስጥ ነው።

ሽፋኑ ጠባቂ ነው ከተባለ፣ አቅም የሚበላው እንዴት ነው?

ሁለቱም እውነት ናቸው። ሽፋኑ ባይኖር ባትሪው ጨርሶ አይሠራም ነበር። ኤሌክትሮላይቱ ያለማቋረጥ እየፈረሰ ያልቃል፤ እንደ ፕሮፒሊን ካርቦኔት ያሉ ሟሚዎች ደግሞ በግራፋይቱ ንብርብሮች መካከል ገብተው ቅንጣቱን ይገነጣጥሉታል። ግራፋይት ለገበያ የበቃው ኤቲሊን ካርቦኔት ጥሩ ሽፋን እንደሚሠራ ከታወቀ በኋላ ነው።

ሽፋኑ የሚሠራበት ሊቲየም ግን ከሌላ ቦታ አይመጣም። በሴሉ ውስጥ የሚመላለሰው ሊቲየም በሙሉ ሴሉ ሲገጣጠም በአዎንታዊው ጫፍ፣ በካቶዱ፣ ውስጥ የገባ ነው። ግራፋይቱ ባዶውን ይገባል። አንድ የሊቲየም አዮን በሽፋኑ ውስጥ ጨው ሆኖ ከተያዘ ከእንግዲህ ወደ ካቶዱ አይመለስም፤ ባትሪው የሚሰጠው የኤሌክትሪክ መጠንም በዚያች አንዲት አዮን ልክ ይጎድላል። ግራፋይቱ ደህና ነው፣ ካቶዱም ደህና ነው፤ በመካከላቸው የሚመላለሰው ሊቲየም ግን አንሷል። ይህን ብዙ ሰዎች ይስቱታል። አቅም ሲቀንስ አንድ ነገር «ተበላሽቶ» መሆን አለበት ብለው ያስባሉ።

በፋብሪካ ውስጥ የሚጠፋው አቅም ከዚህ ጋር ይቆጠራል?

አይቆጠርም። ሽፋኑ በብዛት የሚሠራው በመጀመሪያው ሙሌት ነው፤ በዚያ አንድ ዙር ብቻ ከካቶዱ ሊቲየም 10 በመቶ አካባቢ ሊጠፋ ይችላል። አምራቾች ይህን ሥራ በዝግታ፣ በተቆጣጠሩት ሙቀት ያከናውኑታል፤ የወጣውን ጋዝ ያስወግዳሉ፣ ከዚያ በኋላ የቀረውን ለክተው በሴሉ ላይ ይጽፋሉ። ተጠቃሚው 5 አምፔር ሰዓት የሚል ሴል ሲገዛ የመጀመሪያው ዕዳ ተከፍሎ አልቋል። እዚህ የምንነጋገረው ከዚያ በኋላ ስለሚቀጥለው ዝግተኛ እድገት ነው።

ጥቂት ናኖሜትር የሆነ ነገር ይህን ያህል አቅም ሊበላ ይችላል?

ስሌቱን ብንሠራው ይሻላል። 5 አምፔር ሰዓት የሆነ ሴል በመጀመሪያው ዓመት 4 በመቶ አጣ እንበል። የጠፋው 0.2 አምፔር ሰዓት ነው፤ ይህም 720 ኩሎምብ ነው። አንድ ሞል ኤሌክትሮን 96,485 ኩሎምብ ስለሚይዝ፣ የታሰረው ሊቲየም 7.5 ሚሊሞል ገደማ ይሆናል። በክብደት 52 ሚሊግራም ነው። በሴሉ ውስጥ የሚመላለሰው ሊቲየም በጠቅላላው 1.3 ግራም አካባቢ መሆኑን ልብ ይሏል።

አሁን ይህ ሊቲየም የት ላይ እንደተነጠፈ እንይ። እንዲህ ያለ ሴል 16 ግራም ያህል ግራፋይት ይይዛል። የግራፋይት ዱቄት ገጽ ስፋት በግራም 2 ካሬ ሜትር ነው ብንል፣ በእጅ መዳፍ በሚያዝ ሴል ውስጥ 32 ካሬ ሜትር ገጽ ተጠቅልሎ አለ ማለት ነው። የታሰረው ሊቲየም ሁሉ ሊቲየም ካርቦኔት ሆነ ብለን እንገምት። በእያንዳንዱ የካርቦኔት ሞለኪውል ሁለት ሊቲየም አለ፤ ስለዚህ 3.7 ሚሊሞል ካርቦኔት ይገኛል፣ ክብደቱ 0.28 ግራም ገደማ። ጥግግቱ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 2.1 ግራም ስለሆነ ይዘቱ 0.13 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ይሆናል። ይህን በ32 ካሬ ሜትር ላይ ብናነጥፈው ውፍረቱ 4 ናኖሜትር ብቻ ነው።

እውነተኛው ሽፋን ንጹሕ ካርቦኔት አይደለም። ካርቦን ያዘሉት ጨዎች ለአንድ ሊቲየም የሚይዙት ቦታ ሰፊ ስለሆነ፣ ያው ሊቲየም ሁለትና ሦስት እጥፍ ወፍራም ሽፋን ሊሠራ ይችላል። ገጹም ወጥ አይደለም፤ በግራፋይቱ ንብርብሮች ጠርዝ ላይ ሽፋኑ ይወፍራል፣ በጠፍጣፋው ገጽ ላይ ይሳሳል። ቢሆንም የስሌቱ መልእክት አይለወጥም። አንድ ሙሉ ዓመት የፈጀ የአቅም መጥፋት በአጉሊ መነጽር እንኳ ለማየት የሚያስቸግር ለውጥ ነው። ሴል ከፍተው «ምንም አላየሁም» የሚሉ ሰዎች ትክክል ናቸው፤ የሚታይ ነገር የለም።

ከዚሁ ስሌት አንድ ተግባራዊ ነገር ይወጣል። የገጽ ስፋቱ ቢጨምር፣ ያው ውፍረት ብዙ ሊቲየም ይበላል። ቅንጣቱ ያነሰ ግራፋይት በፍጥነት ለመሙላት ይመቻል፤ ለሽፋኑ ግን ተጨማሪ ሜዳ ይሰጠዋል።

አቅሙ በመጀመሪያ ቶሎ ቀንሶ በኋላ የሚረጋው ለምንድን ነው?

ሽፋኑ እድገቱን ራሱ ስለሚያግድ ነው። እንዲወፍር ኤሌክትሮን ከግራፋይቱ ወደ ውጭ መውጣት ወይም የሟሚው ሞለኪውል ወደ ውስጥ መግባት አለበት፤ ሁለቱም ያለውን ሽፋን ማቋረጥ ይጠበቅባቸዋል። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን የማቋረጡ ፍጥነት በግማሽ ይቀንሳል። የእድገት ፍጥነቱ ከውፍረቱ ጋር በተገላቢጦሽ ከሄደ፣ ውፍረቱ ከጊዜው ስኩዌር ሩት ጋር አብሮ ይሄዳል።

ይህ በቁጥር ሲታይ አስገራሚ ነው። በዓመት 4 በመቶ ያጣው ሴላችን በዚህ ሕግ ከሄደ፣ በአራተኛው ዓመት መጨረሻ ያጣው 16 በመቶ አይደለም፤ 8 በመቶ ነው። በዘጠነኛው ዓመት 12 በመቶ ይደርሳል። ወደ ኋላ ብንመለስ ደግሞ፣ ከዓመቱ ጉድለት ግማሹ፣ ማለትም 2 በመቶው፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ የጠፋ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የሦስቱን ወር ቁጥር በቀጥታ መስመር ዘርግቶ በዓመት 8 በመቶ፣ በአራት ዓመት 32 በመቶ ይጠፋል ብሎ ይደመድማል። ከእውነቱ በአራት እጥፍ የራቀ ትንበያ ነው። አዲስ ባትሪን በሦስት ወር መረጃ የሚኮንኑ ግምገማዎችን ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው መስመሩ ቀጥ ብሎ እንደተዘረጋ ወይም እንደጎበጠ ነው።

ታዲያ ጨርሶ ለምን አይቆምም?

አንደኛው ምክንያት ሽፋኑ ፍጹም አጋጅ አለመሆኑ ነው። ኤሌክትሮን በኳንተም መንገድ ሾልኮ የሚያልፈው ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው፤ ሽፋኑ ከዚያ በላይ ወፍሮም እድገቱ ይቀጥላል። ስለዚህ ሌላ መተላለፊያ መኖር አለበት። የሟሚ ሞለኪውሎች በቀዳዳዎቹ ይገባሉ የሚሉ አሉ፤ ገለልተኛ የሊቲየም አቶም ኤሌክትሮኑን ተሸክሞ ይሻገራል የሚሉም አሉ። ክርክሩ በሙያው ውስጥ ገና አልተዘጋም፤ ሁለቱም ወገኖች ግን ወደ ስኩዌር ሩት ሕግ ይደርሳሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ግራፋይቱ ራሱ የሚነፋና የሚኮማተር መሆኑ ነው። ሙሉ በሙሉ በሊቲየም ሲሞላ ይዘቱ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በየዙሩ ሽፋኑ ይለጠጣል፣ አልፎ አልፎ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውስጥ ባዶ የግራፋይት ገጽ ይጋለጣል። እዚያ ላይ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ይህ ክፍል በጊዜ አይረጋም፤ ከዙሮቹ ብዛት ጋር ቀጥ ብሎ ይጨምራል። በመደርደሪያ የተቀመጠ ሴልና በየቀኑ የሚሠራ ሴል የሚለያዩት በዚህ ነው። በአኖዱ ውስጥ ሲሊከን ሲጨመር ችግሩ ይብሳል፤ ሲሊከን ሲሞላ እስከ ሦስት እጥፍ የሚደርስ ተጨማሪ ይዘት ያበጃል፣ ሽፋኑም መረጋጋት አያገኝም።

ባትሪን ሞልቶ ማስቀመጥ ሽፋኑን ያፋጥነዋል?

ያፋጥነዋል፤ መጠኑ ግን ሰዎች እንደሚያስቡት በእኩል ደረጃ አይጨምርም። ሽፋኑን የሚነዳው የግራፋይቱ ቮልቴጅ ዝቅ ማለት ነው። የግራፋይቱ ቮልቴጅ ደግሞ በሙሌት መጠን ቀስ እያለ አይወርድም፣ በደረጃ ነው የሚወርደው። ግራፋይቱ ከግማሽ በታች ሲሞላ ከ0.1 ቮልት በላይ ባሉ ደረጃዎች ላይ ይቆያል። ግማሹን ሲያልፍ ወደ መጨረሻው ደረጃ፣ ወደ 0.09 ቮልት አካባቢ ይወርድና እስከ ሙሉ ድረስ እዚያው ይቀመጣል።

ስለዚህ ለሽፋኑ ብቻ ሲባል፣ በ100 በመቶና በ80 በመቶ በማስቀመጥ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። ደረጃውን ወደ ላይ የሚሻገረው ከግማሽ በታች የወረደ ሴል ነው፤ ረጅም ማስቀመጫ ላይ ትርጉም ያለው ጥቅም የሚገኘው እዚያ ነው። 80 በመቶ ላይ ማቆም ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። የካቶዱን ቮልቴጅ ስለሚያወርድ በዚያ ወገን ያለውን ጉዳት ይቀንሳል። ሁለቱን ጥቅሞች መቀላቀል ግን ስህተት ነው።

ሙቀት ከሙሌት ይልቅ ይከብዳል። ሽፋኑን የሚያሳድገው ኬሚካላዊ ለውጥ ሙቀት ሲጨምር እየበረታ ይፋጠናል፤ በ45 ዲግሪ ሞልቶ የተቀመጠ ሴል በ25 ዲግሪ ከተቀመጠ መንትያው በግልጽ ቀድሞ ያረጃል። ሁለቱን አንድ ላይ፣ ሙሉ ሙሌትና ሙቀት፣ ማስወገድ ከሌላው ምክር ሁሉ ይቀድማል።

ከማስቀመጫ ያወጣሁት ሴል አቅሙ ከበፊቱ ጨመረ። ሽፋኑ ሟሟ ማለት ነው?

አይደለም፤ በሽፋኑ የታሰረ ሊቲየም በዚህ መንገድ አይመለስም። ያዩት ሌላ ነገር ነው፤ ባለሙያዎችንም ያሳስታል።

አኖዱ ከካቶዱ ጥቂት ሰፋ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ጠርዝ ላይ ሊቲየም እንዳይከመር ለመጠበቅ ነው። ካቶድ ፊት ለፊቱ የሌለው ይህ ትርፍ ጠርዝ በሥራ ጊዜ ብዙም አይሳተፍም። ሴሉ ሞልቶ ለሳምንታት ሲቀመጥ ግን ሊቲየም ከተሞላው የግራፋይት ክፍል ወደ ትርፉ ጠርዝ ቀስ እያለ ይሰርጋል፣ አቅሙም የጠፋ ይመስላል። በዝቅተኛ ሙሌት ሲቀመጥ ደግሞ በተቃራኒው ይመለሳል፣ አቅሙም የተገኘ ይመስላል። ስለዚህ ሴሉ በፊት በምን ሙሌት እንደቆየ ሳይታወቅ በመጀመሪያዎቹ ወራት የታየውን 1 ወይም 2 በመቶ ለሽፋኑ መስጠት አይገባም። ትክክለኛው መንገድ ሴሉን ከመለካት በፊት በአንድ በተወሰነ ሙሌት ለረጅም ጊዜ ማቆየትና ሁልጊዜ ከዚያው መነሻ መለካት ነው።

የጠፋው አቅም በሽፋኑ እንጂ በግራፋይቱ መበላሸት እንዳልሆነ በምን ይታወቃል?

ሴሉን ሳይከፍቱ ማወቅ ይቻላል። ሴሉን በጣም በዝግታ፣ 20 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ በሚወስድ ፍጥነት ያራግፉታል፤ ከዚያም ቮልቴጁ ለእያንዳንዷ የአምፔር ሰዓት ክፍልፋይ ምን ያህል እንደሚለወጥ በሥዕል ያስቀምጡታል። ግራፋይቱ በትክክል ግማሽ ሲሞላ በሥዕሉ ላይ ጎላ ያለ ጉብታ ይታያል፤ ያ ጉብታ የግራፋይቱ ምልክት ነው።

ወደ ሴላችን እንመለስ። አዲስ ሳለ ጉብታው ከባዶው ጫፍ 2.7 አምፔር ሰዓት ርቀት ላይ ነበር፤ ከጉብታው እስከ ሙሉው ጫፍ ደግሞ 2.3። በድምሩ 5። ከዓመት በኋላ ድምሩ 4.8 ሆኗል። ጉብታው አሁንም ከባዶው ጫፍ 2.7 ላይ ከቆመና የተቀነሰው የላይኛው ክፍል ከ2.3 ወደ 2.1 ከሆነ፣ ግራፋይቱ እንዳለ ነው፤ የሚሞላው ሊቲየም ግን አንሷል። ይህ የሽፋኑ አሻራ ነው። በአንጻሩ ጉብታው ወደ 2.5 ቀርቦ ቢገኝ፣ ግራፋይቱ ራሱ ከሥራ ውጭ ሆኗል፤ ቅንጣቶች ከኤሌክትሪክ ግንኙነት ተነጥለዋል ማለት ነው። ይህ ንባብ የሚሠራው ሴሉ የሚያልቀው አኖዱ ባዶ ሲሆን ከሆነ ነው፤ አብዛኞቹ ሴሎች ላይ እንደዚያ ነው።

አንድ ገደብ አለ። ሥዕሉ ሊቲየም መጥፋቱን ይናገራል፤ የት እንደጠፋ አይናገርም። በቅዝቃዜ ወይም በከባድ ፍጥነት ሲሞላ በግራፋይቱ ላይ የሚከመር የሊቲየም ብረትም ያንኑ አሻራ ይተዋል። የሚለያቸው ታሪካቸው ነው። መጥፋቱ በሙቀት ከባሰ ሽፋኑን ጠርጥሩ፤ በብርድ ከባሰ ክምችቱን።

የኩሎምብ ብቃት የሚባለውስ ምን ይነግረናል?

ከሴሉ የወጣው የኤሌክትሪክ መጠን ለገባው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። 99.9 በመቶ ሲባል ጥሩ ይመስላል። በየዙሩ የጎደለችው አንድ ከሺህ በሙሉ የጠፋ ሊቲየም ብትሆን ግን፣ በ500 ዙር 61 በመቶ ብቻ ይቀራል። 99.98 ከሆነ 90 በመቶ ይቀራል። ልዩነቱ ያለው ከነጥብ በኋላ ባለው ሁለተኛ ቁጥር ላይ ስለሆነ ተራ መለኪያ አያየውም፤ በዚህ ዘርፍ የጄፍ ዳን ቤተ ሙከራ ትልቅ ትክክለኛነት ያላቸውን መለኪያዎች የሠራው ለዚህ ነው።

ከዚህ ቁጥር ጋር ሁልጊዜ ጊዜውም መነገር አለበት። ሽፋኑ ዙር አይቆጥርም፤ በአብዛኛው ሰዓት ነው የሚቆጥረው። አንድ ዙር 40 ሰዓት ሲወስድና 2 ሰዓት ሲወስድ የሚገኘው ብቃት ይለያያል፤ ሴሉ ግን አንድ ነው።

በኤሌክትሮላይቱ ላይ የሚጨመሩ ነገሮች ሽፋኑን ያስቆሙታል?

ያሻሽሉታል እንጂ አያስቆሙትም። በጣም የታወቀው ቪኒሊን ካርቦኔት ነው፤ በጥቂት በመቶ ይጨመራል። ከኤቲሊን ካርቦኔት ቀድሞ ስለሚፈርስ የመጀመሪያውን ንጣፍ እሱ ይሠራል፤ ፍርስራሹም እርስ በርሱ ተሰካክቶ ጠበቅ ያለና የሚለጠጥ ሽፋን ይሆናል። ፍሎሮኤቲሊን ካርቦኔት በተለይ ሲሊከን ላላቸው አኖዶች ይመረጣል። ሲበዛ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ሽፋኑ ለሊቲየም አዮንም መንገዱን ያጠብበታል፣ የሴሉ የውስጥ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ይጨምራል።

ተጨማሪው ነገር የማይደርስበት ጠላት ደግሞ አለ። ከካቶዱ የሚሟሟ ማንጋኒዝ በኤሌክትሮላይቱ ውስጥ ተሻግሮ በሽፋኑ ላይ ሲያርፍ የማገድ ችሎታውን ያበላሸዋል፣ እድገቱም እንደገና ይፈጥናል። ስኩዌር ሩቱን ተከትሎ ይረጋጋ የነበረ መስመር ያለ ምክንያት ቀጥ ማለት ሲጀምር ካቶዱን ማየት ይገባል።

የስኩዌር ሩት ሕጉ እስከ ባትሪው ዕድሜ መጨረሻ ይሠራል?

እስከ መጨረሻው አይሠራም። ሽፋኑ እየወፈረ ሲሄድ በግራፋይት ቅንጣቶች መካከል ያሉትን ቀዳዳዎች ያጠባል፤ አዮኖች ጠልቀው መግባት ይቸግራቸዋል። ያኔ በሙሌት ጊዜ በአኖዱ ፊት ለፊት ገጽ ላይ ቮልቴጁ ከዜሮ በታች ይወርድና የሊቲየም ብረት መከመር ይጀምራል። ክምችቱ አዲስ ገጽ ነው፤ አዲሱ ገጽ አዲስ ሽፋን ይፈልጋል፤ ሽፋኑ ቀዳዳዎቹን የበለጠ ይዘጋል። በሥዕል ላይ ለዓመታት እየተለሳለሰ የመጣው መስመር በድንገት ጎብጦ ወደ ታች ይወረወራል። ከዚያ ነጥብ በኋላ አቅሙን የሚበላው ዝግተኛው ሽፋን መሆኑ ያበቃል፤ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት መረጃ የተወሰደ ትንበያም ለዚያ ክፍል አይሠራም።